ከአቤቱታ በፊት ማስረጃ፦ በቪዲዮ ስብሰባና በኢሜይል የሚደርስ ትንኮሳን ሳይበላሽ ማስቀመጥ

ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት መሥራት አሁን ብርቅ አይደለም። ላፕቶፕ፣ የስልክ ዳታ፣ ለብርዱ ጋቢ፤ በቃ ሥራ ተጀመረ። አለቃን በአካል ሳያዩ ዓመት ይሞላል። አለቃው ባለጌ ከሆነ ታዲያ ብልግናውም የሚመጣው በስክሪኑ በኩል ነው። አጠገብ ተቀምጦ የሰማ የቢሮ ባልደረባ የለም።

በስክሪን የመጣ ነገር ግን ዱካ አለው። ጣጣው ዱካው የሚቀመጠው በሌላ ሰው ቤት መሆኑ ነው። ኢሜይሉ የድርጅቱ ነው። ስብሰባው የተከፈተው በአለቃው አካውንት ነው። ቪዲዮው ተቀድቶ ከሆነም ያለው እሱ ጋ ነው። ዛሬ አቤት ብትሉ ነገ ጠዋት ፓስዎርዳችሁ አልሠራ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መናገር። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል። ተናዶ ለአለቃው ረጅም መልስ ይጽፋል፣ ለሰው ሀብት ክፍል ይደውላል፣ ማስረጃ አምጪ ሲባል ያኔ ኢሜይሉን ለመክፈት ይሞክራል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ልጅቷ ደብረ ብርሃን ሆና ለአዲስ አበባ ድርጅት የሒሳብ ሥራ ትሠራለች። ሰኞ ሰኞ በዙም ስብሰባ አለ። ቡድን መሪው በስብሰባው መሀል ለእሷ ብቻ የሚታይ የቻት መልእክት ይልክላታል። ስለ ልብሷ፣ ስለ ሰውነቷ። ሌላው ሰው ስለ ሪፖርት እያወራ እሷ ይህንን ታነባለች። መልስ ስትነሳው ማታ ማታ ኢሜይል ጀመረ። «ካሜራሽን የማትከፍቺ ከሆነ የኮንትራትሽ ነገር ያሳስበኛል» የሚል ዓይነት። ማስፈራሪያ ነው፣ ግን በትህትና የተጠቀለለ።

መጀመሪያ የሚጠፋው ቻቱ ነው

ከሁሉም ቀድሞ የሚጠፋው የስብሰባው ቻት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በዙም ላይ ብዙ ጊዜ ስብሰባው ሲዘጋ በስብሰባው መሀል የተጻፈው ቻት አብሮ ይዘጋል። በጎግል ሚትም ጥሪው ሲያበቃ የመልእክቱ ሰሌዳ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ማይክሮሶፍት ቲምስ ይሻላል፤ ቻቱ ከስብሰባው በኋላም ይቆያል። ግን ላኪው የራሱን መልእክት ሊያርም ወይም ሊሰርዝ ይችላል።

የግል መልእክት ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ቡድን መሪው ለልጅቷ ብቻ የላከውን ሌላ ተሰብሳቢ አያየውም፤ ሌላ ሰው ቻቱን ቢያስቀምጥም በእሱ ፋይል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «የሥራ ባልደረባዬ ቻቱን አስቀምጧል፣ ከእሱ እወስዳለሁ» ማለት አያዋጣም። ማስቀመጥ ያለባት ራሷ ናት። ያውም ስብሰባው ሳይዘጋ።

በኮምፒውተር ላይ የዙምን የቻት ሰሌዳ ክፈቱ። ከታች ወይም ከላይ ሦስት ነጥቦች አሉ። እዚያ ውስጥ «Save chat» የሚል ታገኛላችሁ። ድርጅቱ ይህንን ካልዘጋው በስተቀር ቻቱ ሰነዶቻችሁ ባሉበት ፎልደር ውስጥ፣ `Zoom` በሚለው ስር፣ የስብሰባው ቀንና ሰዓት በተጻፈበት ፎልደር እንደ ጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ከላይ ያልኩትን ቁልፍ ካጣችሁ ወይም በስልክ ከሆናችሁ ስክሪንሾት አንሱ።

ስክሪንሾት ስታነሱ ቆርጣችሁ አታሳጥሩት። ሰው መልእክቷን ብቻ ከርክሞ ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ስለሚመስለው። ለማስረጃ ግን የሚጠቅመው ተከርክሞ የሚጣለው ክፍል ነው። የላኪው ስም፣ ለማን እንደተላከ የሚያሳየው ምልክት፣ የስብሰባው ስም፣ የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን አንድ ላይ ይታዩ። በዊንዶውስ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ PrtScn ብትጫኑ ሙሉ ስክሪኑ በራሱ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ደግሞ ከመልእክቱ በፊትና በኋላ የተባለውንም አንሱ። ከመሀል የተቆረጠ አንድ መስመር «እየቀለድን ነበር» ለሚል ሰው በር ይከፍታል።

ቪዲዮውስ?

ስብሰባው ሪከርድ እየተደረገ ከነበረ ቀላል ነው። ግን የት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። የጎግል ሚት ቀረጻ ወደ ስብሰባው አዘጋጅ ጎግል ድራይቭ ይሄዳል። የቲምስ ቀረጻ ወደ ድርጅቱ የማይክሮሶፍት ማከማቻ ይገባል፤ ድርጅቱ ካልቀየረው በ120 ቀን ራሱ ጊዜው ያልፍበታል። በዙም ክላውድ ላይ ያለ ቀረጻ የአስተናጋጁ ነው፤ ቢሰርዘው ለ30 ቀን ያህል በቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይቆያል፤ እዚያ እያለ ሊመለስ ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች የጠቀስኩት እንድትዘናጉ አይደለም። ድርጅቱ «ተሰርዟል» ሲላችሁ ቀኑን ቆጥራችሁ «ገና መመለስ ይቻላል» እንድትሉ ነው።

ማየት የሚያስችል ሊንክ ብቻ ካላችሁ ሊንኩን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ሊንክ በአንድ ክሊክ ይዘጋል። የማውረድ ፈቃድ ካላችሁ ፋይሉን ራሱን አውርዱ።

ሪከርዱን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ የያዛችሁ ከሆነ ደግሞ ለእኛ አገር የምትሆን አንዲት ነገር አለች። ዙም በኮምፒውተር ላይ ሲቀዳ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ ቪዲዮው ሙሉ ፋይል አይደለም። ሲያልቅ ነው የሚቀየረው። በዚህ መሀል መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ቢጠፋ ፎልደሩ ውስጥ የምታገኙት ቪዲዮ ሳይሆን ስሙ `double_click_to_convert_01.zoom` የሚል ፋይል ነው። ሰው የማይከፈት ፋይል ሲያይ ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። አትሰርዙት። መብራት ሲመጣ፣ ዙም በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ወደ ቪዲዮ ይቀየራል። ከመሞከራችሁ በፊት ፎልደሩን በሙሉ ኮፒ አድርጉ።

አስተናጋጁ ራሱ ተንኳሹ ከሆነና ሪከርድ ካላደረገስ? ሌላ ስልክ ከላፕቶፑ ፊት አቁሞ መቅዳት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ቀስ በሉ እላለሁ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን ያስከብራል። በስብሰባው ላይ ሌሎች ምንም ያላደረጉ ሰዎችም አሉ። ማንም ሳያውቅ የቀዳችሁት ካለ ለጠበቃ ከማሳየታችሁ በፊት ለማንም አትላኩ። ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ቪዲዮውን በለጠፋችሁ ማግስት ክርክሩ «እሱ ምን አደረገ» መሆኑ ይቀርና «እሷ ስሜን አጠፋች» ይሆናል። በሰው አካውንት ወይም ላፕቶፕ ሹልክ ብሎ ገብቶ ቀረጻ ማውጣትም እንዲሁ፤ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በ2008 በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ምንም ቀረጻ ከሌለ ይህንን አድርጉ። ስብሰባው እንደተዘጋ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ የሆነውን ሁሉ ጻፉ። ማን ነበር፣ ምን ቃል ወጣ፣ ማን ሳቀ፣ ማን ዝም አለ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። የተባለውን ቃል በቃሉ፣ ሳታሳምሩ። ከዚያ ከግል ኢሜይላችሁ ወደ ራሳችሁ ወይም ወደምታምኑት ሰው ላኩት። ለምን ኢሜይል? ወረቀት ላይ የጻፋችሁት «ትናንት ማታ ነው የተጻፈው» ሊባል ይችላል። ኢሜይል ግን መቼ እንደደረሰ የሚመዘግበው ሰርቨሩ ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። እንዴት የሚለውን አሁን እናየዋለን።

የኢሜይሉ ሄደር

ኢሜይል ስትከፍቱ የምታዩት ፊቱን ብቻ ነው። ከኋላው ሄደር የሚባል ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ከየት ወጥቶ በየትኞቹ ሰርቨሮች አልፎ መቼ እንደደረሰ የተመዘገበበት። ስክሪንሾትን ማንም ጎበዝ ልጅ በአስር ደቂቃ ሊሠራው ይችላል። ሙሉ ሄደር ያለውን ዋናውን ፋይል አስመስሎ መሥራት ግን ከባድ ነው፤ ከሰርቨሩ መዝገብ ጋር ሲመሳከር አይገጥምማ።

ሄደሩን የሚያጠፋው የተለመደው ስህተት «ፎርዋርድ» ነው። ልጅቷ የቡድን መሪውን ኢሜይል ለወንድሟ ፎርዋርድ ብታደርግ፣ ወንድሟ ጋ የሚደርሰው የእሷ ኢሜይል ነው። ሄደሩም የእሷ ነው። የቡድን መሪው ሄደር እዚያው ቀርቷል። ጽሑፉን ወደ ወርድ ኮፒ ማድረግም ያው ነው።

በጂሜይል፣ ኮምፒውተር ላይ፣ መልእክቱን ክፈቱ። ከመልስ መስጫው ቀስት አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑ። «Show original» የሚለውን ምረጡ። አዲስ ገጽ ይከፈታል፤ ላዩ ላይ «Download Original» የሚል አለ። እሱን ስትጫኑ መጨረሻው `.eml` የሆነ ፋይል ይወርዳል። ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። በስልክ ባለው የጂሜይል አፕ ይህንን ስለማታገኙት ላፕቶፕ ፈልጉ። አውትሉክ በብራውዘር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በመልእክቱ ሦስት ነጥቦች ውስጥ የማውረጃውን ወይም «Save as» የሚለውን ፈልጉ፤ እሱም `.eml` ይሰጣችኋል።

አሁን ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተን እንየው። ለማየት ኮፒውን ክፈቱ፤ ዋናውን አትንኩት። አድራሻዎቹን ለምሳሌ ያህል አድርጌ፣ ረጅሙን አሳጥሬ እንዲህ ይመስላል፦

```
Return-Path: <lead@example.com>
Received: from mail.example.com ([192.0.2.15])
    by mx.google.com with ESMTPS;
    Tue, 11 Mar 2025 13:47:12 -0700 (PDT)
Authentication-Results: mx.google.com;
    dkim=pass header.i=@example.com;
    spf=pass smtp.mailfrom=lead@example.com;
    dmarc=pass header.from=example.com
Date: Tue, 11 Mar 2025 23:47:10 +0300
From: lead@example.com
Message-ID: <7f3a91@mail.example.com>
```

ከታች እንጀምር። `Message-ID` የመልእክቱ መታወቂያ ቁጥር ነው። የድርጅቱ አይቲ ሠራተኛ «የትኛውን ኢሜይል ነው?» ሲል ርዕሱን ከምትነግሩት ይህንን ስጡት። በሰርቨሩ መዝገብ ውስጥ የሚፈልገው በዚህ ነው።

`Date` የላኪው ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር የጻፈው ሰዓት ነው። የላኪው ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ ይህም ይሳሳታል። `Received` ግን ተቀባዩ ሰርቨር የጻፈው ነው። የእናንተ ሰርቨር በጻፈው በላይኛው መስመር ላይ ላኪው እጁን ማስገባት አይችልም። እውነተኛ ሄደር ላይ `Received` የሚሉ ብዙ መስመሮች ይኖራሉ። ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበቡት፤ የታችኛው የመጀመሪያው ጣቢያ፣ የላይኛው የመጨረሻው። የ`Date` እና የ`Received` ሰዓቶች ሲቀራረቡ ነገሩ ጤነኛ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 23፡47 እና 13፡47 ተብሎ አሥር ሰዓት የተለያየ ይመስላል። አይደለም። አንደኛው በእኛ አገር ሰዓት፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ሰዓት ቀድሞ የተጻፈ ነው። ሌላው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ። ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ ብታመጧቸው 20፡47 ላይ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እኛ ብቻ የምንሳሳተው ስህተት አለ። ልጅቷ ለፖሊስ ስትናገር «ማታ አምስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ላከልኝ» ትላለች። ፋይሉ 23፡47 ይላል። ትክክል ናት፤ 23፡47 ማለት ማታ 11፡47 ነው፤ ከዚያ ስድስት ሰዓት ቀንሱ። ግን ወረቀቷ ላይ 5፡47 ብቻ ብላ ከጻፈች ከሳሽና ማስረጃ የማይገናኙ ይመስላሉ። ቀኑም እንዲሁ፤ 11 ማርች 2025 መጋቢት 2 ቀን 2017 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመጣ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት» የምንለውን ኮምፒውተሩ ረቡዕ 01፡00 ይለዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ፤ በፋይሉ ላይ ያለውን ሳትነኩ፣ አጠገቡ የእኛን።

ከዚያ `Authentication-Results` አለ። ተቀባዩ ሰርቨር ኢሜይሉ ሲደርሰው ያደረገው ፍተሻ ነው። `dkim=pass` ማለት መልእክቱ በድርጅቱ ዲጂታል ፊርማ ተፈርሟል፣ ፊርማው የሸፈነው ይዘትም በመንገድ ላይ አልተነካካም ማለት ነው። `spf=pass` ማለት የላከው ሰርቨር ለዚያ ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ ላለው ስም፣ እንዲልክ የተፈቀደለት ነው። `dmarc=pass` ደግሞ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ከላይ ከሚታየው የላኪ አድራሻ ዶሜይን ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ሦስቱም ካለፉ «ሌላ ሰው በእኔ ስም አስመስሎ ነው» የሚለው ክርክር በጣም ይደክማል።

ይደክማል እንጂ አይሞትም። ሄደሩ የሚያሳየው ኢሜይሉ ከዚያ ዶሜይን፣ በዚያ አካውንት ስም መውጣቱን ነው። ቁልፉን የነካው ጣት የማን እንደሆነ አያሳይም። «አካውንቴ ተጠልፎ ነበር» ካለ መልሱ ያለው በድርጅቱ የመግቢያ መዝገብ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከየትኛው መሣሪያ እንደተገባ። ሌላም ሰው ብዙ የሚጠብቀው፣ ግን የማይገኝ ነገር አለ፦ የላኪው ቤት አድራሻ። ከጂሜይል በብራውዘር የተላከ ኢሜይል የላኪውን ኮምፒውተር የኢንተርኔት አድራሻ፣ ማለትም አይፒውን፣ ሄደሩ ላይ አያወጣም። «ሄደሩን አይተን የት ሆኖ እንደላከ እንነግርሃለን» የሚል የሰፈር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ፍተሻው `fail` ካለ ወይም የላኪው ስም የአለቃው ሆኖ አድራሻው የማይታወቅ ከሆነም አትጣሉት። በአለቃው ስም ሌላ ሰው እየላከ ይሆናል። ያም ራሱ መታወቅ ያለበት ነገር ነው።

ፋይሉን የት፣ እንዴት?

አንድ ፎልደር ክፈቱ። ዋናዎቹን ፋይሎች አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ስማቸውንም ይዘታቸውንም አትንኩ። ማስመር፣ ማክበብ፣ ማሳጠር ካስፈለገ በኮፒ ላይ ብቻ። ከፎልደሩ ጎን አንድ ቀላል ሰንጠረዥ ያዙ፤ የፋይሉ ስም፣ መቼ ደረሰ፣ መቼ አወረዳችሁት፣ ከየትኛው አካውንት።

ፋይሉ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልተነካ ማሳየት የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ። በዊንዶውስ ላይ ፋይሉ ባለበት ፎልደር ውስጥ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና፣ በ`mail-01.eml` ቦታ የእናንተን ፋይል ስም በ`"` ምልክቶች መሀል ተክታችሁ፣ ይህንን ጻፉ፦

```
certutil -hashfile mail-01.eml SHA256
```

ባለ 64 ፊደልና ቁጥር ረጅም መስመር ይወጣል። የፋይሉ አሻራ ነው። ፋይሉ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ብትቀየር መስመሩ ሌላ ይሆናል። ይህንን መስመር ሰንጠረዡ ላይ ለጥፉና ሰንጠረዡን በዚያው ቀን ለራሳችሁና ለምታምኑት አንድ ሰው በኢሜይል ላኩ። ከስድስት ወር በኋላ «ፋይሉን አስተካክላችሁታል» ቢባል፣ ትእዛዙን እንደገና ታስኬዳላችሁ፤ መስመሩ ይገጥማል ወይም አይገጥምም። አዋጅ 958 የኮምፒውተር ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይናገራል። የሚያስረዳላችሁ ይህ ልፋት ነው።

ለሌላ ሰው በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ወይም እንደ ቪዲዮ አትላኩ፤ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ይቀይረዋል። «File» በሚለው መንገድ ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል።

ፍላሽ ላይም አንድ ኮፒ ይኑር፣ ግን ብቸኛው ኮፒ ፍላሽ ላይ አይሁን። ምክንያቱን ማተሚያ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ፍላሹን ሰጣችሁ፣ ልጁ «እህቴ፣ ፋይሉ የት ነው ያለው?» ይላል፣ ትከፍቱታላችሁ፣ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ቫይረስ። ለማተም ስትሄዱ የሚታተመውን ፒዲኤፍ ብቻ የያዘ ሌላ ፍላሽ ውሰዱ። በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ኢሜይላችሁን አትክፈቱ። ያወረዳችሁት ነገር `Downloads` ፎልደር ውስጥ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደንበኛ ያነበዋል። ደብረ ብርሃን ሰፊ ከተማ መስላ ልትታይ ትችላለች፤ ለሐሜት ግን ጠባብ ናት።

ከድርጅቱ አካውንት ስታወርዱ ደግሞ ትንኮሳው ያለባቸውን መልእክቶች ብቻ አውርዱ። ኢንቦክሱን በሙሉ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ የደመወዝ ሰነድ ጭምር ይዛችሁ ከወጣችሁ ድርጅቱ ነገሩን «የኩባንያ ምስጢር ሰረቀች» ወደሚል ሊያዞረው ይችላል።

ከዚያ መናገር

ፎልደሩ ሲሞላ ለድርጅቱ የምትጽፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ሁለት ነገር ይዞ ይውጣ፤ አቤቱታውንና መረጃው እንዳይጠፋ የሚጠይቀውን። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ከየካቲት 24 እስከ መጋቢት 8 ቀን 2017 ባሉት ቀናት በቡድን መሪው አካውንትና በእኔ አካውንት መካከል የተደረጉ ኢሜይሎች፣ የዚሁ ጊዜ የዙም ስብሰባዎች ቀረጻና ቻት፣ እንዲሁም የአካውንቱ የመግቢያ መዝገብ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ሳይሰረዙ እንዲቆዩ እጠይቃለሁ። የኢሜይሎቹን መለያ ቁጥር አባሪ አድርጌያለሁ።»

አባሪው የ`Message-ID` ዝርዝር ነው። ኢሜይሎቹን ራሳቸውን በዚህ ደረጃ መስጠት የለባችሁም፤ መኖራቸውን ማሳወቅ ይበቃል። ደብዳቤውን ለሰው ሀብት ክፍል ላኩ፣ ከተንኳሹ በላይ ላለው ኃላፊም ግልባጭ አድርጉ። ተንኳሹን ግልባጭ ውስጥ አታስገቡ። የምትልኩትም ከግል ኢሜይላችሁ ይሁን፤ የድርጅቱ አካውንት ቢዘጋ የላካችሁት እጃችሁ ላይ ይቆያል።

ጊዜውንም አትዘንጉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪው ወይም በሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል፤ ካሳም አለው። ግን ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን አንስቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ያልፋል። ልጅቷ የመጨረሻው ኢሜይል የደረሳት መጋቢት 2 ከሆነ ቆጠራው ከዚያ ነው። ሄደሩ ላይ ያለው ቀን እዚህም ይጠቅማል። ከመልቀቃችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፤ ዝም ብሎ ላፕቶፕ ዘግቶ መጥፋት ሥራ ጥሎ እንደመሄድ ሊቆጠር ይችላል። ውላችሁ የቅጥር ሳይሆን የአገልግሎት ከሆነ፣ ለባሕር ማዶ ድርጅት የሚሠሩ ብዙዎች እንዲህ ናቸው፣ ይህ አዋጅ ላይሸፍናችሁ ስለሚችል ውሉን ይዛችሁ ሂዱ።

ኢሜይሉ ማስፈራሪያ ከሆነ ወይም እየተደጋገመ ሰላም የሚነሳ ከሆነ የወንጀል ጉዳይም ሊሆን ይችላል። አዋጅ 958 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር አማካኝነት ማስፈራራትንና በተደጋጋሚ መልእክት ጭንቀት መፍጠርን ያስቀጣል። ይህንን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የታተመ ግልባጭ፣ ፋይሎቹ ያሉበት ፍላሽና ሰንጠረዡ ይኑራችሁ። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ «እህቴ፣ ይሄ ፎቶ ነው» ካላችሁ ፍላሹን አሳዩት፤ ዋናው ፋይል ያለው እዚያ እንደሆነ፣ መለያ ቁጥሩና አሻራው ደግሞ ሰንጠረዡ ላይ እንዳለ ንገሩት።

ስልክና ላፕቶፕ ለምርመራ ከተፈለገ የመሣሪያው ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ሳትይዙ አታስረክቡ። ደብዳቤ የምታስገቡበት ቢሮ ሁሉ ግልባጩ ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ ማኅተም ያድርግበት። እሱንም ስካን አድርጋችሁ ፎልደሩ ውስጥ አስገቡ፤ ሰንጠረዡ ላይም አንድ መስመር ጨምሩ።